ፎቶግራፉን በቃል ማቆም



በፊታችሁ ያለው ፎቶግራፍ ቀላል ነው። አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ትቆላለች። ወደ ግራ ዞራ ምጣዱ ላይ አቀርቅራለች፤ ፊቷን የምናየው በጎን ነው። ረከቦቱ በቀኝ ታች ጥግ ነው። ከግራ በኩል በመስኮት የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ በሰያፍ ወድቋል። ይህን ፎቶ ለሥዕል አመንጪ ፕሮግራም ሰጥተን በጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል እንዲያወጣልን እንፈልጋለን፤ የነገሮቹ አቀማመጥ ግን እንዳለ ይቆይ።

እንደ ስቴብል ዲፊዩዥን ያሉ ፕሮግራሞች የተጫነውን ፎቶ መጀመሪያ በዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ያደበዝዙታል፤ ከዚያ ቃላችንን እየተከተሉ መልሰው ይሥሉታል። የማደብዘዙን መጠን ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር የምንወስነው እኛ ነን። 0.3 አካባቢ ፎቶው ፎቶ እንደሆነ ይቀርና አዲሱ ስልት ላዩን ብቻ ይቀባዋል። 0.8 ላይ ስልቱ በሙሉ ኃይሉ ይገባል፣ ሴትየዋ ግን ከቦታዋ ትነሣለች። ስልቱን በእውነት ከፈለግን ቁጥሩን ከፍ ማድረጋችን አይቀርም፤ ያን ጊዜ አቀማመጡን ይዞ የሚያቆየው በአብዛኛው ቃላችን ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አንዲት ሴት ቡና ስትቆላ፣ በጎንደር ሥዕል ስልት» ብሎ ይጽፋል። የሚወጣው ምን ይመስላል? ሴትየዋ መሐል ላይ ትቀመጣለች፣ ፊቷን ወደ እኛ ታዞራለች፣ አንዳንዴም አክሊለ ብርሃን ይደፋላታል። (ቡና በመቁላት ጽድቅ ከተገኘ እሰየው!) ጥፋቱ ግን የፕሮግራሙ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ክፉዎቹ ናቸው። ስልቱን በስሙ የጠራ ሰው ይህንንም ሥርዓት አብሮ ጠርቷል። ስሙ ራሱም አንድ ነገር ብቻ አያመለክትም፤ የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ጠፍጣፋ ቀለምና ጥርት ያለ መሥመር ሲኖረው፣ ሁለተኛው ፊትንና ልብስን በጥላ ያድቦለቡላል።

እኛ የመጀመሪያውን እንምረጥ፤ ስሙን ግን ትተን የምንፈልገውን መልክ እንዘርዝር፤ ከስልቱ ጋር የሚጋጨውን አቀማመጥ ደግሞ አስረግጠን እንናገር። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጥ ሥዕል። አንዲት ሴት ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ፤ ከራስ እስከ እግሯ ትታያለች፤ የሥዕሉን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ትሞላለች። ፊቷ ሙሉ በሙሉ በጎን፣ ወደ ሥዕሉ ግራ ጠርዝ፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል፤ ቁልቁል ታያለች። ክንዷ በግራ ታች ወዳለው ምጣድ ተዘርግቷል። ረከቦት በቀኝ ታች ጥግ፣ ግማሹ በጠርዙ ተቆርጧል። የላይኛው ግራ ክፍል ባዶ ግድግዳ። ከግራ ጠርዝ ወደ ምጣዱ በሰያፍ የሚወርድ ቢጫ ቅርጽ። ወፍራም ጥቁር መሥመር፣ ጠፍጣፋ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም፣ ሰፊ ዓይን።»

ሦስት ነገር ልብ በሉልኝ። «ግራዋ» አላልኩም፤ የእሷ ግራና የእኛ ግራ ስለሚምታቱ «የሥዕሉ ግራ ጠርዝ» አልኩ። «ግድግዳው ላይ ምንም ነገር አይኑር» አላልኩም፤ እነዚህ ፕሮግራሞች አሉታን በደንብ ስለማይረዱ፣ «መስቀል አይኑር» ሲባሉ መስቀል ሊያመጡ ይችላሉ። «ባዶ ግድግዳ» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው ብርሃኑ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። በፎቶው ውስጥ ዓይናችንን ወደ ምጣዱ የሚመራው ያ የብርሃን ሰያፍ ነው። የመረጥነው ስልት ግን መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላም ሆነ በመስኮት የሚገባ የፀሐይ ጨረር አያውቅም። «የመስኮት ብርሃን» ብንል ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ፕሮግራሙ ወደ ፎቶ መልክ ይመለሳል፣ ወይ ብርሃኑን ይተወውና ሰያፉ ይጠፋል። ብርሃኑን ቢጫ ቅርጽ ያልኩት ለዚህ ነው፤ በጠፍጣፋ ቀለም ሊሣል የሚችል ነገር ሆነ። «የደበዘዘ ዳራ» የመሰሉ የካሜራ ቃላትም በዚሁ ምክንያት ይውጡ።

ውጤቱን ለመመርመር ሁለቱን ምስሎች አውራ ጣት እስኪያህሉ አሳንሳችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በዚያ መጠን ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቆቹ የጨለማና የብርሃን ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ። እነሱ ከተመሳሰሉ አቀማመጡ ተርፏል። ሴትየዋ ወደ መሐል ከሸሸች የማደብዘዙን ቁጥር በትንሹ ዝቅ አድርጉ። ቦታዋን ጠብቃ ፊቷን ብቻ ካዞረች ግን ቁጥሩን ተዉት፤ የፊቷን አቅጣጫ የሚናገሩትን ቃላት ወደ መግለጫው መጀመሪያ አምጧቸው።