ፍቺና የጡረታ ገንዘብ

ጡረታ የወጣ መምህር ከባለቤቱ ጋር ሲፋታ ጡረታው እንዴት ይታያል?

በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የተለየ ውል ከሌለ በጋብቻው ዘመን የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። እንበልና በትዳሩ ዓመታት ከጡረታው ተቆጥቦ በእሱ ስም ባንክ የገባ 40,000 ብር አለ። ከዚህ 20,000ው የእሷ ነው።

የጡረታ መብቱ ራሱ ግን ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ለልጆች ቀለብ ከሆነ ፍርድ ቤት ሊያስቆርጥ ይችላል። ከፍቺው በኋላ እሱ ቢሞት፣ የተፋታችው ሚስት የተተኪ ጡረታ አታገኝም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ የንብረት ክፍፍሉ ሳይጠናቀቅ የባንክ ሒሳቡ መግለጫ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ።