በጠባብ መንገዶች የቆሻሻ መኪና ስምሪት፦ የጋሪውና የመኪናው ሰዓት



መኪና ከማይገባበት ሰፈር ቆሻሻ እንዴት ይነሣል ለሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው መልስ የታወቀ ነው። በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች የእጅ ጋሪ እየገፉ ከየቤቱ ይሰበስባሉ፤ የሰበሰቡትንም መኪና በሚደርስበት ስፍራ ወደ ተቀመጠ የብረት ገንዳ ያመጣሉ፤ ገንዳውንም ማንሻ ያለው መኪና ተሸክሞ ከመሀል ከተማው በደቡብ ምዕራብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ረጲ ይወስደዋል። ጋሪው የሰፈሩን፣ መኪናው የከተማውን መንገድ ይዞ ሲሠራ፣ ሁለቱ የሚገናኙት በገንዳው ዘንድ ብቻ ነው።

ስምሪቱ በሚታቀድበት ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ካርታ ነው። ገንዳዎቹ በነጥብ ይመለከታሉ፤ ነጥቦቹ በመስመር ይያያዛሉ፤ አጭሩ መስመር ይመረጣል። በካርታው ላይ ሰዓት ስለማይታይ፣ ጋሪው መቼ እንደሚደርስና መኪናው መቼ እንደሚያነሣ የሚጠይቅ አይኖርም። ገንዳ ሞልቶ ቆሻሻ መሬት ላይ ሲፈስም «ገንዳው አንሷል፤ መኪናው አንሷል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ያላነሰ ነገር ነው አነሰ የሚባለው።

ስለ ሰዓቱ ከመናገር በፊት ስለ ገንዳው ስፍራ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ገንዳ ማንሻ መኪና በጀርባው ነው የሚሠራው። ወደ ገንዳው ወደ ኋላ ይጠጋል፤ የድጋፍ እግሮቹን መሬት ያስረግጣል፤ ሰንሰለቱ በገንዳው ጎኖች ላይ ባሉት ጆሮዎች ይታሰራል፤ ከዚያም ሁለቱ ክንዶች ገንዳውን አንሥተው በጀርባው ላይ ያሳርፉታል። ስለዚህ ከገንዳው ፊት ለፊት መኪናው በቀጥታ የሚቆምበት ነጻ ቦታ፣ ከበላይ ደግሞ የኤሌክትሪክም ሆነ የስልክ ሽቦ የሌለበት አየር ይፈለጋል። መሬቱም የድጋፍ እግሮቹን የሚሸከም ጠንካራ ንጣፍ መሆን አለበት። ቦታ የሚመርጠው ሰው መንገዱን በሜትር ለክቶ ሽቦውን ቀና ብሎ ሳያይ ሲቀር፣ ገንዳው ከተቀመጠ በኋላ የማይነሣ ገንዳ ይሆናል።

በጋሪው በኩል ደግሞ ከርቀት ይልቅ ዳገት ይከብዳል። ባዶው 60፣ ጭነቱ 240 ኪሎ ግራም የሆነ ጋሪ በደልዳላ ኮብልስቶን ላይ 9 ኪሎ ያህል ጉልበት ቢጠይቅ፣ በመቶ ሜትር አምስት ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ 24 ኪሎ፣ አሥር ሜትር በሚወጣው ላይ 39 ኪሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ሙሉው ጋሪ ቁልቁል፣ ባዶው ሽቅብ እንዲሄድ ገንዳው በሰፈሩ ታች ቢቀመጥ መልካም ነው። ችግሩ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ታች ብዙ ጊዜ ወንዝ መሆኑ ነው፤ ከገንዳው የተረፈው ሁሉ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዙ ይገባል። እንግዲህ ገንዳን ወንዝ ዳር ማስቀመጥ የሚቻለው ፈጽሞ እንደማይተርፍ እርግጠኛ ሲኮን ነው። ይህም ወደ ሰዓቱ ይመልሰናል።

ነገሩ በስሌት ይታይ። 900 ቤቶች፣ በየቤቱም አምስት ሰዎች ያሉበት አንድ ሰፈር ይታሰብ። አንድ ሰው በቀን 0.4 ኪሎ ግራም ቆሻሻ ያወጣል ቢባል፣ ከአንድ ቤት በቀን 2 ኪሎ ይወጣል። ማኅበሩ እሑድን ሳይጨምር እያንዳንዱን ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጎበኝ፣ በቀን 300 ቤቶች ይደርሱታል፤ በአማካይም የሦስት ቀን ተኩል ቆሻሻ፣ ማለትም 2,100 ኪሎ ግራም ይሰበስባል። አንድ ሜትር ኩብ 300 ኪሎ ቢመዝን ይህ 7 ሜትር ኩብ ነው። ጋሪው 0.8 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ በቀን ዘጠኝ ጭነት ይሆናል፤ ሦስት ጋሪዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ቢመላለሱ ይበቃል። ገንዳው 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ስለሆነ፣ በቀን አንድ ጊዜ መነሣት በወረቀት ላይ በቂ ነው።

አሁን ሰዓቱ ይግባ። ጋሪዎቹ ከጧቱ 12 ሰዓት ይነሣሉ። ሠላሳ ሦስት ያህል ቤቶችን ለማዳረስ 50 ደቂቃ፣ ወደ ገንዳው ለመግፋት 15፣ ለመገልበጥ 10፣ ለመመለስ 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ የመጀመሪያው ዙር 1 ሰዓት ከ5፣ ሁለተኛው 2 ሰዓት ተኩል፣ ሦስተኛው ለ4 ሰዓት 5 ደቂቃ ሲቀረው ገንዳው ዘንድ ይደርሳል። ከ4 ሰዓት ከ5 በኋላ የሚመጣ ጋሪ የለም።

መኪናው የሚመጣው 2 ሰዓት ላይ ነው እንበል፤ ይህ ለሾፌሩም ለስምሪት ክፍሉም የሚመች ሰዓት ነው። ያነሣውን ገንዳ ረጲ አራግፎ ወደ ቦታው ይመልሳል። ገንዳውን ለማንሣት 10 ደቂቃ፣ ለመሄድ 50፣ ሚዛን ላይ ለመቆምና ለማራገፍ 20፣ ለመመለስ 50 ቢፈጅ፣ የሚመለሰው 4 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። በዚህ መካከል ምን ይሆናል? ገንዳው የትናንቱን 7 ሜትር ኩብ ይዞ ስላደረ፣ ከመጀመሪያው ዙር ሦስት ጋሪዎች የአንዱን ብቻ ይቀበላል፤ ሁለቱ መሬት ላይ ይገለብጣሉ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ዙር ስድስት ጋሪዎች ሲደርሱ ደግሞ ገንዳው ራሱ የለም። ከዘጠኙ ጭነት ስምንቱ መሬት ላይ ወደቀ ማለት ነው። ገንዳው ባዶውን ሲመለስ ያ ሁሉ በአካፋ እንደገና ይጫናል፤ ሠራተኛው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ሠራ፤ ሰፈሩም ግማሽ ቀን ከክምር ጋር ዋለ። በስምሪት ክፍሉ መዝገብ ላይ ግን «ገንዳው በዕለቱ አንድ ጊዜ ተነሥቷል» ተብሎ ይጻፋል። ጽሑፉ እውነት ነው።

በዚህ ቦታ ሁለተኛ ገንዳ ቢጨመርና መኪናው ባዶውን አስቀምጦ ሙሉውን ቢወስድ፣ በዚያው 2 ሰዓት ላይ እንኳ መሬት ላይ የሚወድቀው ሁለት ጭነት ብቻ ይሆናል። የልውውጡ ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ከሩብ ቢዛወር ግን አንድም አይወድቅም። ሁለተኛ ገንዳ ለማስቀመጥ ቦታ ከሌለ ደግሞ መኪናው ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ይምጣ፤ ገንዳው ለሁለት ሰዓት ያህል ቢጠፋም የሚፈልገው ጋሪ የለምና ጉዳት አያመጣም። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ የመኪናውም የምልልሱም ቍጥር እንደነበረ ነው።

የመኪናው ስምሪትም ከዚህ በመነሣት ይሠራል። ለአንድ መኪና ሦስት እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ቢሰጡት፣ ባዶ ገንዳ ተሸክሞ ከማደሪያው ይነሣና በመጀመሪያው ሰፈር 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ይለውጣል፤ ሙሉውን ረጲ አራግፎ፣ ያንኑ ባዶ ይዞ ሁለተኛው ሰፈር 2 ሰዓት ከ25 ላይ ይደርሳል። የዚህ ሰፈር ጋሪዎች 12 ሰዓት ቢነሡ ሙሉ ገንዳ ይጠብቃቸው ነበር፤ ስለዚህ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ይነሡ፤ የመጀመሪያው ጋሪ 2 ሰዓት ከ45 ሲደርስ ባዶ ገንዳ ያገኛል። ለመለዋወጫ ቦታ የሌለው ሦስተኛው ሰፈር መጨረሻ ላይ ይመደባል፤ መኪናው ትርፉን ገንዳ በማደሪያው አስቀምጦ ያለ ጭነት ይሄድና ለ5 ሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ያነሣል። በካርታው ላይ ቢታይ ይህ ቅደም ተከተል አጭሩ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ሰፈርም ቅር ሊለው ይችላል፤ ጋሪው የሚመጣው ሠራተኛው ሁሉ ከቤት ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ ቤት የሚቀር ሰው የሌለው ቆሻሻውን ደጅ አስቀምጦ እንዲሄድ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አማካይ ቍጥር የሚያሳስትበት አንድ ነገር አለ። እሑድ ስለማይሰበሰብ፣ ሰኞ የሚጎበኝ ቤት ያጠራቀመው ከሐሙስ ጀምሮ ያለውን የአራት ቀን ቆሻሻ ነው፤ ሐሙስ የሚጎበኘው ግን የሦስት ቀን ብቻ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ እንደ ሰኞ፣ ዓርብና ቅዳሜ እንደ ሐሙስ ናቸው። በመሆኑም በሳምንቱ የመጀመሪያ ሦስት ቀናት የሚመጣው 7 ሳይሆን 8 ሜትር ኩብ፣ ማለትም አሥር ጭነት ሲሆን፣ ገንዳው እስከ አፉ ይሞላል፤ በቀሩት ቀናት 6 ብቻ ይመጣል። ያ አሥረኛው ጭነት በሦስተኛው ሰፈር ገንዳው በሌለበት ሰዓት ስለሚደርስ፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድ ጋሪ መጨመር ይሻላል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ የሚፈስ ገንዳ ያየ ባለሙያ ምክንያቱን ወዲያው ሊያውቀው ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ስምሪቱን የሚያናጋው ግን የማራገፊያው ርቀት ነው። በ2008 ዓ.ም. የረጲን ሥራ እንዲተካ በሰንዳፋ አዲስ ማራገፊያ ተከፍቶ ነበር፤ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ምክንያት በዚያው ዓመት ክረምት ሥራው ሲቋረጥ ቆሻሻው በከተማው ውስጥ ተከማቸ፤ ጭነቱም ተመልሶ ወደ ረጲ ሄደ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በረጲ የተከመረው ቆሻሻ ተደርምሶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ያ ታሪክ ብዙ ገጽታ አለው፤ ለስምሪት ዐቃጁ ግን የሚያሳስበው አንድ ስሌት አለ። የአንድ መንገድ ጉዞ ከ50 ወደ 100 ደቂቃ ቢያድግ፣ አንዱ ምልልስ ከ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወደ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይረዝማል። 12 ሰዓት ከሩብ የጀመረ መኪና ሁለተኛው ሰፈር የሚደርሰው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ሦስተኛውንም ይዞ ሲያበቃ ቀኑ ይመሻል። ማራገፊያ ሲዛወር የሰፈሩ ጋሪ የሚነሣበት ሰዓት አብሮ መለወጥ አለበት፤ ይህን ለጋሪ ገፊው የሚነግረው ሰው በዕቅዱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

እንዲህ ያለውን ዕቅድ ለማውጣት የሚያስፈልገው መረጃ ብዙ አይደለም። ገንዳው ዘንድ አንድ ሰው ለሁለት ሳምንት ደብተር ይዞ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ጋሪ የደረሰበትን ሰዓት፣ መኪናው የመጣበትንና ገንዳው የተመለሰበትን ሰዓት፣ ስንት ጋሪ መሬት ላይ እንደገለበጠ ይጻፍ። ሁለት ሳምንት የሚባለው ሰኞና ሐሙስ እንዲነጻጸሩ ነው፤ በክረምት ደግሞ ቆሻሻው ስለሚረጥብ ጋሪው ሳይሞላ ይከብዳል፤ ዙሩም ይዘገያልና መዝገቡ ሐምሌ ላይ መደገም አለበት። ለማኅበራቱ የሚከፈለው በሜትር ኩብ ከሆነ፣ መሬት ላይ የተገለበጠው እንዴት እንደሚቈጠር አስቀድሞ ይወሰን፤ አለዚያ ጋሪ ገፊው ያልተቈጠረለትን ጭነት በአካፋ ለማንሣት ምክንያት አይኖረውም፤ ደብተር ያዡ የሚጽፈውም ቍጥር ከገንዳው አጠገብ ካለው ክምር ጋር አይገናኝም።