የወደቀው ከዘራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በፊልም ክበብ አባል የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት የታሪክ መምህራችን በጡረታ ሲሰናበቱ ያደረጉትን ንግግር ክበባችን ቀርፆት ነበር፡፡ ካሜራው ከአዳራሹ መጨረሻ ቆመ፤ ድምፅ መቅጃው ግን በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፡፡ የካሜራው ድምፅ በጫጫታ የተሞላ ስለ ነበር የጠራውን ከመቅጃው ወስደን ከሥዕሉ ጋር ለማገናኘት አሰብን፡፡ ለዚህ ሥራ የፊልም ሰዎች ክላፐር የሚባለውን ሰሌዳ በካሜራው ፊት ያጋጫሉ፡፡ እኛ ግን ረሳነው፡፡ የስንብት ንግግር ደግሞ ሁለት ጊዜ አይደረግም፡፡

መፍትሔው ካሜራው ራሱ በቀዳው ደካማ ድምፅ ውስጥ ተገኘ፡፡ ኮምፒዩተር ድምፅን ከፍና ዝቅ በሚል የሞገድ መስመር ያሳያል፡፡ ሁለቱን መስመሮች ከላይና ከታች አድርገን ተመሳሳይ ቅርፅ ፈለግን፡፡ መጀመሪያ የመረጥነው የመክፈቻውን የከበሮ ምት ነበር፤ ተሳሳትን፡፡ ምቶቹ ሁሉ ስለሚመሳሰሉ አንዱን ምት ከሚቀጥለው ጋር አጋጠምነው፤ የመምህሩም ከንፈር ከቃላቸው ቀደመ፡፡

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰማ ድምፅ ፈለግን፡፡ መምህሩ ንግግራቸውን ሲጀምሩ ከዘራቸው ከጠረጴዛው ጀርባ ወድቆ ነበር፡፡ በሁለቱም መስመሮች ላይ እንደ መርፌ የቆመ ምልክት ትቷል፤ በካሜራው በ12.40ኛው ሴኮንድ፤ በመቅጃው በ95.16ኛው ሴኮንድ ላይ፡፡ ልዩነቱ 82.76 ሴኮንድ ነው፡፡ ይህን ያህል ከመቅጃው መጀመሪያ ቆረጥንና ሁለቱን ድምፆች አብረን አሰማን፤ ማሚቶ አልነበረም፡፡

ሆኖም በ38ኛው ደቂቃ ማሚቶው ተሰማ፡፡ እዚያ በር ሲዘጋ የተሰማውን ድምፅ ስንለካ ልዩነቱ 82.88 ሴኮንድ ሆኖ ተገኘ፡፡ የሁለቱ መሣሪያዎች ሰዓት እኩል ስለማይሄድ ቀስ በቀስ በ0.12 ሴኮንድ ተራርቀዋል፡፡ በሴኮንድ 25 ሥዕሎች ለሚያሳይ ፊልም ይህ ሦስት ሥዕሎች ያህል ነው፡፡ ስለዚህ የመቅጃውን ድምፅ ከከዘራው እስከ በሩ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አሳጠርነው እንጂ በአንድ ቦታ አልቆረጥነውም፡፡

አንድ ነገር ቀረ፡፡ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 17 ሜትር ርቆ ወደ ቆመው ካሜራ የደረሰው 0.05 ሴኮንድ ዘግይቶ ነው፡፡ ከዘገየው ጋር ያስማማነው ድምፅም አብሮ ስለዘገየ፤ አንድ ሥዕል ያህል እንዲቀድም አደረግነው፡፡

ጓደኞቼ ሆይ፤ ጥሩ መቅጃ ብትይዙም የካሜራችሁን ማይክሮፎን አትዝጉ፡፡ እርሱ ዝም ካለ የሚመሳሰል ቅርፅ ከየትም አይመጣም፡፡ አሁን ፊልሙን ታያላችሁ፤ ከዘራው ሲወድቅ እባካችሁ አትሳቁ፤ የመምህራችንን ቃል ከከንፈራቸው ጋር ያገናኘልን እርሱ ነው፡፡