ምስር ብቻውን ይበቃልን?

በምኖርበት በገላን ኮንዶሚኒየም አንዲት ጎረቤቴ በዐቢይ ጾም «ምስር ወይም ሽንብራ ብቻውን የሥጋን ፕሮቲን ይተካልን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር።

ሰውነታችን ሊሠራቸው የማይችላቸው ዘጠኙ አሚኖ አሲዶች በሙሉ በምስር ውስጥ አሉ፤ ጉድለቱ የመጠን ነው። በአንድ ግራም የምስር ፕሮቲን ውስጥ 70 ሚሊግራም ያህል ላይሲን ይገኛል፤ ለአዋቂ የሚፈለገው 45 ነው። ድኝ ያለባቸው ሜታዮኒንና ሲስቲን ግን በድምሩ 22 ገደማ ናቸው፤ የሚፈለገውም ይኸው 22 ነው። ከፕሮቲኑ ከፊሉ ሳይፈጭ ስለሚያልፍ ምስር ብቻውን ጥቂት ይጎድለዋል። ሽንብራ 27 ገደማ ስላለው በመጠኑ ይሻላል።

ጤፍ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ላይሲኑ 28፣ ድኝ ያለባቸው ደግሞ 50 ገደማ ናቸው። 200 ግራም የጤፍ ዱቄትና 100 ግራም ደረቅ ምስር ተቀራራቢ ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ሲጣመሩ ላይሲኑ 49፣ ሌላው 36 ይሆናል። እንጀራው በዝቶ ወጡ ሲያንስ ግን ላይሲኑ ይወርዳል።

ስለዚህ ለጎረቤቴ «ምስሩን ከእንጀራው አይለዩት፤ ወጡንም ጠቀም ያድርጉት» አልኳቸው። ሁለቱ በአንድ ማዕድ ባይገናኙ እንኳ በዕለቱ መበላታቸው ይበቃል።