«ከፍያለሁ!» ብላ ለተቆጣች ደንበኛ የምንሰጠው መልስ

ዛሬ የምንነጋገረው በባልትና ሽያጫችን ስለሚያጋጥም አንድ ዓይነት ቁጣ ነው።

እንበልና አንዲት እናት በርበሬና ሽሮ በ4,800 ብር በዱቤ ወሰዱ። ከሳምንት በኋላ ከመካከላችን አንዷ ደጃቸው ድረስ ሄዳ ቀሪውን ሂሳብ አስታወሰቻቸው። ወዲያው ደወሉ፦ «ገንዘቡን ከላክሁ ቆየሁ! በጎረቤት ፊት ባለዕዳ አደረጋችሁኝ!»

እኚህን እናት ያስቆጣቸው ብሩ ሳይሆን ስማቸው መነካቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃላችን ለስማቸው ይሁን። «እኛ ጋ አልገባም» ብንል «ዋሽተዋል» ያልናቸው ይመስላቸዋል። «ይረጋጉ» ካልን ቁጣቸውን ናቅን። «ቅር ብሎዎት ከሆነ ይቅርታ፣ ግን…» ብንል ደግሞ «ከሆነ» የምትለው ቃል ማዘናቸውን ትጠራጠራለች፣ «ግን» የምትለው ይቅርታውን መልሳ ትወስዳለች።

እስኪጨርሱ ሰምተን እንዲህ እንበል፦

«እናቴ፣ ከፍያለሁ ብሎ ያመነ ሰው በጎረቤት ፊት ሲጠየቅ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ይገባናል። በሰው ፊት ስለተጠየቁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሲከፍሉ ከቴሌብር የደረሰዎትን መልእክት ይላኩልን፣ ከመዝገባችን ጋር እናመሳክረዋለን። ዛሬ እስከ 10 ሰዓት ራሳችን እንደውላለን። እስከዚያ ስለ ገንዘቡ ማንም አይጠይቅዎትም።»

ልብ በሉ፣ ይቅርታ የጠየቅነው በሰው ፊት ስለመጠየቃቸው ነው። ገንዘቡ ገብቷል አላልንም፣ አልገባም ብለንም አልተከራከርንም። ያላየነውን ገቢ ለማስታገሻ ብለን «ደርሶናል» ብንል፣ ነገ ሳናገኘው ስንቀር ቁጣው እጥፍ ይሆናል።

ከዚያ መዝገቡን እንገልጣለን። በስም ብቻ አንፈልግ። ክፍያው ከልጃቸው ስልክ ተልኮ ከሆነ የሚታየው የልጃቸው ስም ነው። በመልእክቱ ላይ ያለውን የግብይት ቁጥር፣ ቀኑንና የብሩን መጠን ይዘን እንፈልግ። የተቀባዩን ስልክ ቁጥርም እንይ፣ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ገንዘቡ ሌላ ሰው ጋ ሊሄድ ይችላል።

ባናገኘውም በሰዓቱ እንደውል። ካገኘነው «ክፍያዎ በልጅዎ ስም ተመዝግቦ አገኘነው፣ ሂሳብዎ ተዘግቷል» እንበል፣ ደረሰኙንም እንላክላቸው። ካላገኘነው «በዚህ ቁጥር የገባ አላገኘንም፣ ተቀባዩ ቁጥር የማን እንደሆነ አብረን እንየው» እንበል። «ተሳስተዋል» የሚል ቃል አያስፈልገንም፣ መልእክቱን አብረን ስናነብ ራሳቸው ያዩታል።

በመጨረሻም የተገኘውን ውጤት ዱቤ የምታስታውሰው እህታችን በዚያው ቀን ትወቅ። ሳትሰማ ቀርታ እንደገና ደጃቸው ከሄደች፣ የተናገርነው መልካም ቃል ሁሉ ከንቱ ይሆናል።