ፍሪጅ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በቃሊቲ፣ በሳሪስ አቦ፣ በቱሉ ዲምቱ ወተትና ለስላሳ የሚሸጡ አባሎቻችን ከቁጠባና ብድሩ ገንዘብ ወስደው ፍሪጅ ሊገዙ አስበዋል። ዛሬ የምንናገረው ስለ እሱ ነው። ፍሪጅ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፤ አንዴ ለሱቁ፣ ከዚያ በየወሩ ለመብራት። የሱቁ ዋጋ ላይ ተከራክረን እናስቀንሳለን፤ የመብራቱን ግን ከመግዛታችን በፊት ካላየነው በኋላ የምናስቀንሰው ብዙ አይደለም።

አዲስ ፍሪጅ በሩ ላይ የኃይል ፍጆታውን የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። ችግሩ ወረቀቱ የተዘጋጀው ዕቃው ሊሸጥበት ለታሰበው አገር ነው፤ አገሮቹም አንድ ቋንቋ አይናገሩም። በቻይናው ላይ ደረጃ 1 ምርጡ፣ 5 መጨረሻው ነው። በህንዱ ላይ ደግሞ ባለ አምስት ኮከቡ ነው ምርጡ። አውሮፓ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኤ እስከ ጂ ባሉ ፊደሎች ይለካል፤ በድሮው ወረቀት ግን ኤ ላይ የመደመር ምልክት እየተጨመረ ይጻፍ ነበር። ስለዚህ በድሮው ወረቀት ኤና አንድ መደመር ያለው ፍሪጅ በአዲሱ ኢ ወይም ኤፍ ካለው ይሻላል ማለት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ደረጃው ፍሪጁን የሚያወዳድረው ከመሰል መጠንና ዓይነት ጋር ነው። ትልቅ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ጥሩ ደረጃ ይዞ፣ መካከለኛ ደረጃ ካለው ትንሽ ፍሪጅ የበለጠ መብራት ሊበላ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስንት ሊትር እንደሚበቃን እንወስን፤ ከዚያ ኮከቡንና ፊደሉን ትተን ኬ ደብልዩ ኤች ከሚሉት ፊደሎች አጠገብ ያለውን ቁጥር እንፈልግ። ይህ ቆጣሪያችን የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። የቻይናው የ24 ሰዓት ፍጆታ ስለሆነ በ365 እናባዛዋለን። የአውሮፓውና የህንዱ የዓመት ነው። ከጀርባ የተጻፈው ዋት ግን አያሳስተን፤ ሞተሩ እየነሳና እያረፈ ስለሚሠራ ዋቱ ብቻውን ፍጆታውን አይነግረንም።

እንግዲህ እናስላ። በሊትር እኩል የሆኑ ሁለት ፍሪጆች አሉ እንበል። አንዱ በቀን 0.6 ይላል፤ በዓመት 219 ነው። ሌላው በዓመት 319 ይላል፤ በዋጋ ግን በ4,000 ብር ይረክሳል። ልዩነታቸው በዓመት 100 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ5 ብር ብናስብ በዓመት 500 ብር ይሆናል። በስምንት ዓመት 4,000ው ይመለሳል፤ በአሥረኛው ዓመት ውዱ ፍሪጅ በ1,000 ብር ረክሷል። በአምስት ዓመት ልንሸጠው ካሰብን ግን ርካሹ ይሻላል።

አምስቱን ብር የወሰድነው ለስሌት እንዲቀለን ነው። እያንዳንዳችን የራሳችንን እናግኝ፦ የወሩን ሂሳብ በተጠቀምነው ኪሎዋት ሰዓት እናካፍል። ታሪፉ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር ከፍ ስለሚል ፍሪጁ ወደሚቀጥለው እርከን ሊያወጣን ይችላል። ደግሞም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል። ሁለቱም ኪሎዋት የሚቆጥበውን ፍሪጅ ያግዙታል። በተቃራኒው በብድር የምንገዛ ከሆነ በ4,000ው ላይ የሚከፈለውን ወለድም እንደምር።

ያገለገለ ፍሪጅ ወረቀቱ ተልጦ ስለሚመጣ ቆጣሪው ይፍረድ። ፍሪጁ በሚሠራበት በሻጩ ቤት፣ ቢያንስ አንድ ቀን ተሰክቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍተን ቆጣሪውን እናንብብ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደግመን እናንብብና ልዩነቱን በሦስት እናባዛ። 0.5 ከቆጠረ በቀን 1.5 ነው። ከባለ 0.6ው ጋር ሲተያይ በዓመት ወደ 330 ይበልጣል፤ በስድስት ዓመት በ5 ብር ሂሳብ ወደ 9,900 ብር ነው። ያገለገለው በዋጋ ከዚህ በላይ ካልረከሰ አያዋጣም። ሌሊት አየሩ ስለሚቀዘቅዝና በሩም ስለማይከፈት የቀኑ ፍጆታ ከዚህ እንደሚበልጥም እናስብ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የወረቀቱ ቁጥር የተለካው በላቦራቶሪ ነው፤ የየአገሩም አለካክ ይለያያል። ደንበኛ በየደቂቃው በሩን በሚከፍትበት ሱቅ ፍጆታው ይጨምራል። ስለዚህ የሁለት አገር ወረቀቶች በ20 ወይም በ30 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ከተለያዩ እኩል ናቸው ብለን በዋጋና በጥገና አገልግሎታቸው እንምረጥ።

ለብድር የምታመለክቱ አባላት ሦስት ቁጥር ይዛችሁ ኑ፦ የፍሪጁን ዋጋ፣ የዓመት ፍጆታውንና የወሩን የመብራት ሂሳባችሁን። ስሌቱን አብረን እንሠራለን።