ክስንና መልስን አሳጥሮ ስለመጻፍ



ዛሬ የማነሣው ነጥብ አንድ ነው፤ መዝገብ ስናሳጥር ተከሳሹ ዝም ያለበትን ቦታ መዝለላችን።

ለማሳያ አንድ የብድር ጉዳይ እናስብ። ከሳሽ በጎንደር ከተማ ለሚነግድ ሰው በጽሑፍ ውል 80,000 ብር አበደርሁ፣ እንዲመልስም በጽሑፍ አስጠነቀቅሁት ይላል። የጠየቀው ዳኝነት ዋናው ገንዘብ፣ ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ የሚታሰብ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድና የክርክር ወጪ ነው። ተከሳሽ በመልሱ በመጀመሪያ ክሱ በይርጋ ታግዷል ይላል፤ ቀጥሎም 30,000 ብር ከፍያለሁ ይላል።

ተማሪዎቻችን ይህንን «ተከሳሽ ክሱን ክዷል» ብለው ያጠቃልሉታል። ስሕተት ነው። ይርጋ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ስለሆነ ለብቻው ይስፈር፤ ተከሳሽ ካላነሣው ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሣውም። መቃወሚያው ውድቅ ከሆነ ግን «ከፍያለሁ» ማለት መበደርን ማመን ነው፤ የሚቀረው ክርክር የ30,000 ብሩ ክፍያ ሲሆን፣ ይህንንም የሚያስረዳው ተከሳሹ ነው።

ስለ ማስጠንቀቂያው መልሱ ምንም አይልም። ተለይቶ ያልተካደ ፍሬ ነገር እንደታመነ ስለሚቆጠር፣ በማጠቃለያው «አልተካደም» ተብሎ ይጻፋል። ስለ ወለዱም ዝም ብሏል፤ ይህን ግን እንደ እምነት አልጽፈውም። እኔም በጀማሪነቴ ሁለቱን እደባልቅ ነበር። ወለዱ የተጠየቀ ዳኝነት እንጂ ፍሬ ነገር አይደለም፤ ተገቢነቱን ሕጉን ይዞ የሚመረምረው ፍርድ ቤቱ ነው።